ሰርዣለሁ፣ ብሩ ግን በየወሩ ይቆረጣል፦ ስለ ተመላሽ ገንዘብ ደብዳቤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ለሰው ማመልከቻና ደብዳቤ እጽፋለሁ። ድሮ የሚበዛው የመሬትና የውርስ ጉዳይ ነበር። አሁን አሁን ሌላ ዓይነት ባለጉዳይ እየመጣ ነው። አንድ የወር አገልግሎት ይጀምራል፣ በቃኝ ብሎ ይሰርዛል፣ ብሩ ግን ከባንክ ሒሳቡ በየወሩ መቆረጡን ይቀጥላል። እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ሰዎች ጠረጴዛዬ ፊት ቁጭ ብለው የጠየቁኝ ናቸው።

ነገሩ በደንብ እንዲታይ አንድ ጉዳይ ይዤ እሄዳለሁ። ጎረቤቴ ባለ ሱቅ ናቸው። ልጃቸው ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስትዘጋጅ ከአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በስልክ የሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት አስጀመሯት። ክፍያው በወር 450 ብር ነው። ድርጅቱ በየወሩ ከሒሳባቸው እንዲወስድ ባንክ ሄደው ፈቃድ ፈረሙ። ልጅቷ ተፈተነች፣ እሳቸውም አቋረጡ። ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ ተቆረጠባቸው። ያወቁት ለገና ገበያ ብር ሊያወጡ ሄደው ሒሳባቸው ጎድሎ ሲያገኙት ነው።

አሁንም እየተቆረጠብኝ ነው። መጀመሪያ ደብዳቤ ልጻፍ ወይስ ባንክ ልሂድ?

ባንክ ሂዱ። ዛሬውኑ።

ብዙ ሰው አንድ የሚመስሉት ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከድርጅቱ ጋር ያላችሁ ውል ነው። ሁለተኛው ለባንኩ የሰጣችሁት ፈቃድ ነው። ውሉን ስታቋርጡ የባንኩ ፈቃድ አብሮ አይቋረጥም። ባንኩ ስለ ውላችሁ አያውቅም። የሚያየው የፈረማችሁትን ወረቀትና ድርጅቱ በየወሩ የሚልክለትን የክፍያ ዝርዝር ነው። ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ እስካለ ድረስ ይቆርጣል።

ስለዚህ በቃል "አቁሙልኝ" ብላችሁ አትመለሱ። አጭር ደብዳቤ ይበቃል። "በሒሳብ ቁጥሬ ላይ ለእገሌ ድርጅት ወርሃዊ ክፍያ እንዲቀነስ የሰጠሁትን ፈቃድ ከዛሬ ጀምሮ አንስቻለሁ" ይላል። ሁለት ቅጂ ያዙ። አንዱን ባንኩ ይያዝ፣ ሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱ። ይህ ወረቀት ለሚመጣው ወር ይጠቅማል። ለድርጅቱ በምትጽፉት ደብዳቤ ላይም አባሪ ይሆናል፣ እንዳወቃችሁ ወዲያው እርምጃ መውሰዳችሁን ያሳያልና።

ነገሩ በተቃራኒውም እንደሚሠራ አስታውሱ። የባንኩን ፈቃድ ብቻ አንስታችሁ ለድርጅቱ ምንም ካላሳወቃችሁ ውላችሁ እንዳለ ነው። ድርጅቱ ዕዳ እየቆጠረባችሁ ሊቀጥል ይችላል። ሁለቱም በር መዘጋት አለበት።

ገንዘቡን የምጠይቀው ማንን ነው?

ገንዘቡ የገባለትን ድርጅት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2164 መሠረት፣ ሊከፍል የማይገባውን የከፈለ ሰው የከፈለውን ማስመለስ ይችላል። ከተቋረጠ ውል በኋላ የተወሰደ የወር ክፍያ እዚህ ውስጥ ይገባል። ውሉ የለም፣ ስለዚህ ድርጅቱ ገንዘቡን የያዘበት ምክንያት የለም።

ከባንኩ ጋር ጠብ የሚኖራችሁ ፈቃዱን በጽሑፍ አንስታችሁ ከዚያ በኋላ ከቆረጠ ነው። ያኔ ጥፋቱ የባንኩም ይሆናል። ከዚያ በፊት ለተቆረጠው ግን ባንኩ ላይ መጮህ ጊዜ ያባክናል።

የሰረዝኩት በቴሌግራም ነው። ማስረጃ ይሆናል?

ይሆናል፣ ከጠፋ ግን አይሆንም። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የተጻፈውን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ድርጅቱ ንግግሩን በሙሉ ቢሰርዘው የእናንተም ስልክ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ቅሬታ ከማሰማታችሁ በፊት፣ እደግመዋለሁ፣ በፊት፣ ማስረጃውን አስቀምጡ።

መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሱ። ስክሪንሾቱ ላይ ሦስት ነገር መታየት አለበት፦ የድርጅቱ የቴሌግራም ስም፣ እናንተ "አቋርጡልኝ" ያላችሁበት መልእክት፣ እና ቀኑ። ቀኑ የሚታየው ከመልእክቱ በላይ ነውና ትንሽ ወደ ላይ ሳቡት። ቀጥሎ መልእክቶቹን በራሳችሁ አካውንት ውስጥ ወዳለው `Saved Messages` ፎርዋርድ አድርጉ። ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ ዋናው ቢጠፋም ይቀራል። ከዚያ አሳትማችሁ ያዙ።

የጎረቤቴ መልእክት የተላከው ጁላይ 15፣ 2025 ነበር፣ ሰዓቱ 20:40 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 8፣ 2017 ከምሽቱ 2:40 ማለት ነው። ከድርጅቱ በኩል በማግስቱ ጠዋት "እሺ፣ ደርሶናል" የሚል መልስ መጥቷል። "ደርሶናል ማለት ተቋርጧል ማለት አይደለም" ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። ነገር ግን አቋርጫለሁ ማለት የእናንተ ድርሻ ነው። እነሱ እንደደረሳቸው ካመኑ ዋናው ነጥብ ተይዟል።

በስልክ ደውላችሁ ብቻ የሰረዛችሁ ሰዎች ሥራችሁ ይከብዳል። ቢሆንም ተስፋ አትቁረጡ። የደወላችሁበትን ቀንና ሰዓት ከስልካችሁ የጥሪ ዝርዝር ላይ ስክሪንሾት አንሱ። ያነጋገራችሁን ሰው ስም ካስታወሳችሁ ጻፉት። ከዚያ ዛሬ ስረዛውን በጽሑፍ ድገሙት፦ "በእንዲህ ያለ ቀን በስልክ ያሳወቅሁትን ስረዛ በዚህ ጽሑፍ አረጋግጣለሁ" በሉ።

ከየትኛው ወር ጀምሬ ነው የምቆጥረው?

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ስትመዘገቡ የተስማማችሁበትን ውል አንብቡ። አንዳንዱ "ማቋረጥ የሚፈልግ ደንበኛ ከክፍያው ቀን ከዚህን ያህል ቀን በፊት ያሳውቅ" ይላል። የጎረቤቴ ውል 3 ቀን ይላል። የክፍያው ቀን በየወሩ 20ኛው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እሳቸው ያሳወቁት በ15ኛው ቀን ነው፣ 5 ቀን ቀድመው። ስለዚህ የጁላዩ ክፍያም ይመለሳል። ውሉ 10 ቀን ቢል ኖሮ ግን የመጀመሪያውን ወር አከራካሪ ያደርገው ነበር፣ ጥያቄው በእርግጠኝነት የሚጀምረውም ከኦገስት ይሆን ነበር። ይህን ሳታጣሩ ቁጥር አትጻፉ።

ቀጥሎ የወር ቆጠራ። ባለጉዳዬ መጀመሪያ በጣታቸው ቆጥረው "ሰባት ወር" አሉኝ። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ሰባት! በዚያ ሒሳብ 3,150 ብር ሊጠይቁ ነበር። ድርጅቱ ግን የሚቆርጠው በፈረንጆች ወር ነው፣ ለጳጉሜን ለብቻዋ የሚከፈል የለም። ያልተቆረጠ አንድ ወር ጨምራችሁ ብትጠይቁ የሚያነበው ሰው "ሒሳቡ ስሕተት ነው" ብሎ ደብዳቤውን ወደ ጎን ያደርገዋል። እውነተኞቹ ስድስት ወሮችም አብረው ይዘገያሉ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከባንክ ስቴትመንት አውጡና ከዚያ ላይ ቅዱ። ከስረዛው ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለውን፣ ማኅተም ያለበትን ጠይቁ። የወጣው ይህ ነበር፦

ጁላይ 21፣ 2025 (ሐምሌ 14፣ 2017) 450 ብር
ኦገስት 20፣ 2025 (ነሐሴ 14፣ 2017) 450 ብር
ሴፕቴምበር 20፣ 2025 (መስከረም 10፣ 2018) 450 ብር
ኦክቶበር 20፣ 2025 (ጥቅምት 10፣ 2018) 450 ብር
ኖቬምበር 20፣ 2025 (ኅዳር 11፣ 2018) 450 ብር
ዲሴምበር 20፣ 2025 (ታኅሣሥ 11፣ 2018) 450 ብር
ድምር 2,700 ብር

የመጀመሪያውን መስመር አስተውሉ። ክፍያው የሚውለው 20 ላይ ነው፣ ስቴትመንቱ ግን 21 ይላል። ያ 20ኛው ቀን እሑድ ስለነበር በማግስቱ ሰኞ ነው የተመዘገበው። ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ከሒሳባችሁ የወጣበት ቀን ነው። የእናንተ ቁጥርና የባንኩ ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፣ አንባቢው ቀን ለማዛመድ እንዳይደክም።

ደብዳቤው ራሱ ምን ይመስላል?

አንድ ገጽ ይበቃል። ያደረሰባችሁን ንዴት እረዳለሁ፣ ደብዳቤው ላይ ግን አይግባ። "ሌቦች"፣ "አጭበርባሪዎች" የሚሉ ቃላት ሲገቡ መልስ የሚሰጠው ሰው ስለ ገንዘቡ መጻፉን ትቶ ስለ ስድቡ ይጽፋል። ለጎረቤቴ የጻፍነው ይኸው ነው፣ ስምና ቁጥር አውጥቼዋለሁ።

> ቀን፦ ታኅሣሥ 16፣ 2018 ዓ.ም.
>
> ለ፦ (የድርጅቱ ሙሉ ስም)
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ ደንበኝነቴን ካቋረጥኩ በኋላ ከሒሳቤ የተቆረጠ 2,700 ብር እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ
>
> በደንበኛ ቁጥር (…) የወርሃዊ ትምህርት አገልግሎታችሁ ተጠቃሚ ነበርኩ። ሐምሌ 8፣ 2017 ዓ.ም. (ጁላይ 15፣ 2025) በቴሌግራም አድራሻችሁ በኩል አገልግሎቱን ማቋረጤን አሳውቄያለሁ። በማግስቱ መልእክቴ እንደደረሳችሁ ገልጻችሁልኛል። ይህም በውላችን ላይ ከተጠቀሰው የ3 ቀን ጊዜ አስቀድሞ የተሰጠ ማስታወቂያ ነው።
>
> ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ለስድስት ተከታታይ ወራት በየወሩ 450 ብር ከባንክ ሒሳቤ ላይ ወስዳችኋል። የተወሰደባቸው ቀናት ከዚህ በታች ተዘርዝረዋል። (ዝርዝሩ እዚህ ይገባል።) ክፍያው መቀጠሉን ያወቅሁት ታኅሣሥ 14፣ 2018 ዓ.ም. ሲሆን በዚያው ዕለት ለባንኩ የሰጠሁትን ፈቃድ በጽሑፍ አንስቻለሁ።
>
> ልጄ መስከረም ወር ውስጥ አንድ ቀን የቀድሞ የጥናት ማስታወሻዋን ለማውጣት መተግበሪያውን ከፍታለች። አዲስ ትምህርት አልወሰደችም።
>
> ውሉ ከተቋረጠ በኋላ የተወሰደው ገንዘብ የማይገባ ክፍያ በመሆኑ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2164 መሠረት፦
>
> 1ኛ. ብር 2,700 (ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ብር) ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ክፍያው ወደተወሰደበት ሒሳቤ ገቢ እንዲደረግልኝ፣
> 2ኛ. ስሜ ከወርሃዊ የክፍያ ዝርዝራችሁ መውጣቱ በጽሑፍ እንዲረጋገጥልኝ እጠይቃለሁ።
>
> በተጠቀሰው ጊዜ ካልተፈጸመ ወለድና ወጪን ጨምሮ ሕጋዊ መብቴን የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው።
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)
>
> አባሪ፦ የቴሌግራም መልእክት 2 ገጽ፣ የባንክ ስቴትመንት 3 ገጽ፣ ለባንክ የተሰጠ ደብዳቤ 1 ገጽ
> ግልባጭ፦ ለ(ባንኩ) ደብረ ማርቆስ ቅርንጫፍ

"የተቆረጠብኝ ሁሉ ይመለስልኝ" ብሎ መተው ለምን እንደማይበቃ ይጠይቁኛል። እያንዳንዱን ወር ስትዘረዝሩ ድርጅቱም በእያንዳንዱ ላይ መልስ ለመስጠት ይገደዳል። አንዱን ወር ቢክድ ሌሎቹ አምስቱ እንዳሉ ይቀራሉ። በጥቅል ከጠየቃችሁ ግን አንዱን ምክንያት አድርጎ ሁሉንም ሊያዘገይ ይችላል።

የአንቀጽ ቁጥር አታብዙ። አንድ በቂ ነው። ወለዱንም መጀመሪያ ላይ አልጠየቅንም። ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። በ2,700 ብር ላይ ሙሉ ዓመት ቢሆን 243 ብር ነው፣ ለጥቂት ወራት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ለዚህች ብር ብሎ ዋናውን ማዘግየት አይመከርም። መብቱ እንደተጠበቀ መግለጽ ግን አይጎዳም።

ልጄ ከስረዛው በኋላ አፑን ከፍታ ነበር። ብደብቀው አይሻልም?

አይሻልም። ማን መቼ እንደገባ ድርጅቱ መዝገብ አለው። እናንተ ሳትናገሩ እነሱ ቢያወጡት ደብዳቤው በሙሉ እምነት ያጣል። ጎረቤቴ ይህን ዓረፍተ ነገር እንዲያስገቡ ስነግራቸው አልወደዱትም ነበር። "ራሴን ላጋልጥ እንዴ?" አሉኝ። እኔ ግን አጥብቄ ያዝኩ። አንድ ቀን አሮጌ ማስታወሻ ለማውጣት መክፈት ውልን እንደገና አይጀምርም። በየሳምንቱ ትምህርት ስትከታተል ከነበረ ግን ያ ሌላ ነው። የተጠቀማችሁበትን ወር ከጥያቄው አውጡ።

የተከፈለው ቫት ያለበት ነው። ድርጅቱ ቫቱን አልመልስም ቢለኝስ?

ከሒሳባችሁ የወጣው 450 ነው፣ የምትጠይቁትም 450 ነው። ውስጡ ያለው 15 በመቶ ቫት በድርጅቱና በግብር መሥሪያ ቤቱ መካከል የሚስተካከል ሒሳብ ነው።

ድርጅቱ "ባንኩ ነው የቆረጠው" ይለኛል፤ ባንኩ "ድርጅቱ ነው የላከው" ይለኛል። ማንን ልመን?

ወረቀቱን። ባንኩን በጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ "በእነዚህ ስድስት ቀናት ከሒሳቤ ላይ ክፍያ የተቀነሰው በማን ጥያቄ ነው?" ጎረቤቴ ይህን ጠየቁ። ባንኩ በደብዳቤ መለሰ፦ ድርጅቱ በየወሩ በሚልከው የደንበኞች ዝርዝር ላይ ስማቸው ስለነበር ነው። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ምልልሱን ዘጋው። ድርጅቱ ስረዛው ደርሶት ስማቸውን ከዝርዝሩ አላወጣም ማለት ነው።

የእናንተ ፈቃድ ሌላ ዓይነት ከሆነ ግን መልሱ ይለያል። አንዳንድ ሰው ራሱ ባንኩን "በየወሩ ይህን ያህል ለእገሌ ላክልኝ" ብሎ ያዛል፣ ስታንዲንግ ኦርደር የሚባለው ነው። ያኔ ድርጅቱ "እኛ አልወሰድንም፣ እሱ ነው የላከልን" ይላል። ገንዘቡ የማይገባው መሆኑ ግን አይቀየርም፣ መመለስ አለበት። ደብዳቤው ላይ "ወስዳችኋል" የሚለውን "ገቢ ሆኖላችኋል" በሚለው ቀይሩ። ሳታውቁ የተከፈለ መሆኑንም በግልጽ ጻፉ። እያወቀ፣ አይገባም እያለ የከፈለ ሰው ክርክሩ ይከብደዋልና።

እኔ ጎጃም ነኝ፣ ድርጅቱ አዲስ አበባ። ደብዳቤውን እንዴት ላድርሰው?

ደብዳቤ መላክ ብቻ ሳይሆን መድረሱን ማሳየት አለባችሁ። የ15 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የምመርጠው በሰው እጅ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው የጎጃም ሰው የለም። ሁለት ቅጂ ይያዝና ድርጅቱ መዝገብ ቤት ይግባ። አንዱን ይስጥ፣ ቀሪው ላይ የተቀበለውን ሰው ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ያስደርግ። የገቢ ቁጥር ካላቸው ያስጽፍ። "እዚህ ጋር አስቀምጠው፣ እናየዋለን" ሲሉት ሳያስፈርም እንዳይወጣ ደጋግማችሁ ንገሩት። የጎረቤቴ የወንድም ልጅ መጀመሪያ ቀን እንዲሁ አስረክቦ ተመለሰ። በማግስቱ ተመልሶ ነው ያስፈረመው።

ሰው ከሌለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ፣ ከመድረሻ ማረጋገጫ ጋር ላኩ፤ የተላከበትን ደረሰኝና መድረሱን የሚያሳየውን ማረጋገጫ ከደብዳቤው ቅጂ ጋር አያይዙ። በቴሌግራምና በኢሜይልም ያንኑ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፣ ግን በዚያ ብቻ አትተማመኑ።

ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር መሰረዝ አልቻልኩም። እነዚያን ወራትስ ልጠይቅ?

ከቡሬም፣ ከሞጣም፣ ከዳንግላም የመጡ ሰዎች ጠይቀውኛል። ኢንተርኔት በአካባቢያችን ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የነበረበትን ወቅት ሁላችንም እናውቀዋለን። ቁርጡን ልናገር፦ መሰረዝ አለመቻል እንደ መሰረዝ አይቆጠርም። "ካቋረጥኩ በኋላ የተወሰደ" በሚለው ደብዳቤ ውስጥ እነዚያን ወራት አትክተቱ። አገልግሎቱ በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ከሆነና አንድ ቀን እንኳ ካልተጠቀማችሁ፣ "ያልቀረበ አገልግሎት" ብላችሁ ለብቻው መጠየቅ ትችላላችሁ። ድርጅቱ በበጎ ፈቃድ ሊያስተካክል ይችላል፣ ክርክሩ ግን የዚህኛውን ያህል ጠንካራ አይደለም። ሁለቱን ብትቀላቅሉ ደካማው ጠንካራውን ይጎትተዋል።

ገንዘቡን ትተው "ሦስት ወር ነጻ እንስጥሽ" አሉ። ልቀበል?

ለጎረቤቴ የመጣው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነበር፣ ደብዳቤው በደረሰ በስድስተኛው ቀን፣ በስልክ። ልጅቷ ተፈትና ጨርሳለች። ሦስት ወር ነጻ ትምህርት ምን ይሠራላታል? ደግሞ ነጻ ወር ለመቀበል እንደገና መመዝገብ አለ። እንደገና መመዝገብ ደግሞ አዲስ ውል ነው፣ ነጻው ሲያልቅ ቆረጣው ይቀጥላል። "አመሰግናለሁ፣ የምፈልገው በደብዳቤዬ የጠየቅሁትን ነው፣ መልሳችሁን በጽሑፍ ላኩልኝ" አሉ። ጥሩ መልስ ነው።

15 ቀኑ አለፈ፣ ዝም አሉ። ቀጥሎስ?

ሁለተኛ ደብዳቤ፣ አራት መስመር። የመጀመሪያውን ቀንና የገቢ ቁጥር ጠቅሳችሁ ተጨማሪ 10 ቀን ስጡ። ግልባጩ ላይ የከተማችሁን ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ጨምሩ። የሸማች ቅሬታ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚታይ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ድርጅቱ አዲስ አበባ ስለሆነ ወደሚመለከተው ሊመራችሁ ይችላል። የመሩበትን ደብዳቤ ይዛችሁ ውጡ።

ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው። ለ2,700 ብር ብሎ ደብረ ማርቆስና አዲስ አበባ መመላለስ መሄጃው ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ ትራንስፖርቱና አዳሩ ገንዘቡን ይበላዋል። ጥያቄያችሁ ትልቅ ከሆነ ወይም በአንድ ድርጅት የተጎዳችሁ ብዙ ከሆናችሁ ጠበቃ አማክሩ። ቢሆንም እስካሁን የጻፍኩትን ሁሉ ፍርድ ቤት እንደሚሄድ ሰው አዘጋጁት። በጽሑፍ የሰጣችሁት ማስጠንቀቂያ በኋላ ክስ ቢመጣ መሠረት ይሆናል።

አምስት ወር ብቻ መለሱልኝ። ስድስተኛውስ?

የጎረቤቴም እንዲሁ ሆነ። 2,250 ብር ገባ፣ የመስከረሙን ግን "ልጅዎ ተጠቅማለች" ብለው ያዙት። እኛ ደግሞ ጉዳዩን በመጀመሪያው ደብዳቤ ራሳችን ጽፈነው ነበር። ስለዚህ መልሱ አጭር ሆነ፦ "የመተግበሪያው መከፈት በደብዳቤዬ ላይ ተገልጿል፣ አዲስ ትምህርት ስለመወሰዱ መዝገብ ካላችሁ ላኩልኝ፣ ከሌለ ቀሪው 450 ብር ይመለስልኝ።" መዝገብ አልላኩም። ብሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ገባ።

ከፊሉን መቀበል ቀሪውን መተው አይደለም። በገባላችሁ ቀን "2,250 ብር ደርሶኛል፣ ቀሪ 450 ብር አለኝ" ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

ገንዘቡን ሲመልሱ የምፈርመው ወረቀት አለ?

ብዙ ጊዜ ያመጣሉ። "ከዚህ በኋላ በድርጅቱ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም" የሚል ነው። መፈረሙ ችግር የለውም፣ ቅደም ተከተሉ ነው ወሳኙ። መጀመሪያ ብሩ ሒሳባችሁ ውስጥ ገብቶ በስቴትመንት ወይም በባንኩ መልእክት እዩት። የተጻፈው የብር መጠን ከገባው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ስማችሁ ከክፍያ ዝርዝሩ መውጣቱን የሚያረጋግጠውን ወረቀትም አብራችሁ ተቀበሉ። ከዚያ ፈርሙ። በሚመጣው ወር ክፍያው ይውልበት በነበረው ቀን ሒሳባችሁን አንድ ጊዜ እዩ፣ በተከታዩም ወር እንዲሁ። ጎረቤቴ ጃንዋሪ 20ንና ፌብሩዋሪ 20ን በሱቃቸው ግድግዳ ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከበቡ። ሁለቱም ቀን ምንም አልተቆረጠም።